የሚጠቀም ይክፈል ወይስ ያለው ይክፈል? የቦይና የድልድይ መዋጮ በሁለቱ የግብር ፍትሕ መርሆች ሲመዘን

ጥያቄ፦ ከሜጫ ነው የምጽፈው። በጎጣችን ለመስኖ ቦይ ጥገናና ለአንድ ድልድይ ገንዘብ ሊሰበሰብ ነው። ግማሹ ሰው «የሚጠቀም ይክፈል» ይላል፤ ግማሹ «ያለው ይክፈል» ይላል። ሁለቱም ፍትሕ የእኛ ነው ባይ ናቸው። በየዓመቱ የምንከፍለው የመሬት ግብርስ በየትኛው ነው የሚሰላው? የትኛው ነው ትክክል?

ምላሽ፦

ሁለቱም ወገኖች የያዙት የታወቀ መርህ ነው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ይለያያል። የመጀመሪያው የጥቅም መርህ ይባላል። ግብርን ላገኙት አገልግሎት እንደሚከፈል ዋጋ ስለሚያየው «ይህ ሰው ምን አገኘ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው የመክፈል አቅም መርህ ነው። ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ለጊዜው ወደ ጎን ይተውና «ይህ ሰው ኑሮው ሳይናጋ ምን ያህል ማውጣት ይችላል?» ይላል። ክርክሩ አዲስ አይደለም። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ዜጎች እንደየአቅማቸው፣ ማለትም በመንግሥት ጥበቃ ሥር ሆነው በሚያገኙት ገቢ ልክ መክፈል አለባቸው ሲል ሁለቱን ሐሳቦች በአንድ ዓረፍተ ነገር አጣምሯቸው ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡት ናቸው ለያይተው ያጠሩዋቸው።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ቦዩና ድልድዩ በአንድ መርህ መዳኘት የለባቸውም። ከዚያም በፊት ግን መታየት ያለበት ሌላ ነገር አለ። በገጠር መዋጮ ላይ «መርሁ ፍትሐዊ አይደለም» ተብሎ የሚነሳው ቅሬታ ሲመረመር፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው በመለኪያው ላይ ነው። ይህንን በቁጥር ላሳይዎት።

በአንድ ቅርንጫፍ ቦይ ዙሪያ አራት ቤተሰቦች አሉ እንበል፤ የዓመቱ የጥገና ወጪ ደግሞ 12,000 ብር ነው። ቁጥሮቹን ያወጣኋቸው ለስሌት እንዲመቹ ነው፤ የሰዎቹ ሁኔታ ግን በየጎጡ ያለ ነው። አንደኛዋ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው። ከቦዩ ግርጌ 4 ቃዳ መሬት አላቸው፤ ይህም አንድ ሄክታር መሆኑ ነው። በሬ ስለሌላቸው መሬቱን ለእኩል ሰጥተዋል፤ በዓመት የሚደርሳቸው 40,000 ብር ነው። ሁለተኛው የእሳቸው እኩል አራሽ የሆነ ወጣት ነው። በስሙ ያለው ከቦዩ ራስጌ 1 ቃዳ ብቻ ነው፤ ከእሱ 20,000፣ ከእናቲቱ መሬት ድርሻው 40,000፣ በጠቅላላው 60,000 ብር ያገኛል። ሦስተኛው አዛውንት ገበሬ ናቸው። በራስጌው 3 ቃዳ በመስኖ ያለማሉ፤ ሌላ የክረምት ማሳም ስላላቸው ገቢያቸው 100,000 ብር ነው። አራተኛው ወፍጮ ቤትና ሱቅ አለው፤ በቦዩ ሥር አንድም ቃዳ የለውም፤ የሚያገኘው 200,000 ብር ነው።

ገንዘቡ በቤት ቁጥር ይካፈል ከተባለ እያንዳንዱ 3,000 ብር ይከፍላል። ለእናቲቱ ይህ ከገቢያቸው 7.5 በመቶ ነው፤ ለባለ ወፍጮው 1.5 በመቶ ብቻ። ይህ አከፋፈል ለሰብሳቢው ስለሚቀል ይወደዳል እንጂ ከሁለቱ መርሆች ከየትኛውም ጋር አይገጥምም፤ ማን ምን አገኘ ብሎም፣ ማን ምን አለው ብሎም አይጠይቅም።

«የሚጠቀም ይክፈል» ባዮቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርቡት መለኪያ የመሬት ስፋትን ነው። በቦዩ ሥር ያለው 8 ቃዳ ስለሆነ በቃዳ 1,500 ብር ይደርሳል። እናቲቱ 6,000፣ አዛውንቱ 4,500፣ ወጣቱ 1,500፣ ባለ ወፍጮው ምንም። የእናቲቱ ክፍያ ከገቢያቸው 15 በመቶ ሆነ። «ያለው ይክፈል» የሚለው ወገን የሚቆጣው እዚህ ላይ ነው፤ ቁጣውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ቁጣው የጥቅም መርህን በራሱ ጥፋተኛ አያደርገውም። መሬት ጥቅም አይደለም፤ ጥቅሙ ውሃው ነው።

እንግዲያው ውሃውን እንለካ። በበጋው ወራት ለእያንዳንዱ ማሳ 8 ተራ ውሃ ታስቦ ነበር እንበል። የራስጌዎቹ 8ቱንም ተራ አጠጡ። ቦዩ በደለል ስለተሞላና በላይ በኩል በሌሊት ስለሚጠለፍ ለግርጌው የደረሰው 4 ተራ ብቻ ነው። ቃዳውን በተራ ስናባዛ አዛውንቱ 3 በ8፣ ማለትም 24፤ ወጣቱ በራሱ ማሳ 8፤ የእናቲቱ ማሳ 4 በ4፣ ማለትም 16 ይሆናል። ድምሩ 48 ነው፤ 12,000 ብር ለ48 ሲካፈል ለአንድ ቃዳ አንድ ተራ 250 ብር ይመጣል። አዛውንቱ 6,000 ከፈሉ፤ ለእናቲቱ ማሳ 4,000 ተጻፈ። ይህ 4,000 ግን የእናቲቱ ብቻ መሆን የለበትም። ምርቱ እኩል ከተካፈለ ውሃው የሰጠው ጥቅምም እኩል ተካፍሏል፤ ስለዚህ የውሃው ክፍያ ምርቱ ሳይከፈል ከላይ መነሳት አለበት። ያኔ እናቲቱ 2,000፣ ወጣቱ ደግሞ ለራሱ ማሳ 2,000 ለእኩሉ 2,000፣ በድምሩ 4,000 ብር ይከፍላሉ።

አሁን ከገቢ ጋር ያስተያዩት። እናቲቱ 5 በመቶ፣ ወጣቱ 6.7 በመቶ ገደማ፣ አዛውንቱ 6 በመቶ። የመክፈል አቅም መርህ ገና አልተነካም፤ ጥቅሙን በይዞታ ደብተሩ ፈንታ በሚፈሰው ውሃ ስለለካነው ብቻ 15 በመቶ የነበረው ወደ 5 ወረደ። የቅርንጫፉ ነዋሪዎች ሲጨቃጨቁበት የነበረው ነገር ሁለት የመለኪያ ስህተቶች ሆነው ተገኙ፦ ግርጌውን እንደ ራስጌው መቁጠር፣ ባለ ይዞታዋንም እንደ አራሹ መቁጠር።

ይህ አለካክ የራሱ ችግሮች አሉት፤ አስቀድመው ይወቋቸው። ተራ የሚቆጠረው የውሃ አባቱ በየቀኑ ሲመዘግብ ነው። መዝገቡ ከሌለ ክፍያው በግምት ይሆናል፤ ግምት ደግሞ ወደ ዘመድ ያደላል። ክፍያው በተራ ሲሆን ሰው ውሃ መቆጠብ ይጀምራል፤ ይህ መልካም ነው። በዚያው መጠን ግን በሌሊት የሚጠልፍ ሰው ቁጥር ይጨምራል፤ ምክንያቱም ያልተመዘገበ ውሃ ነፃ ውሃ ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፦ በመዝገቡ ላይ የራስጌው ተራ ካለፈው ዓመት ቀንሶ ሳለ ለግርጌው የሚደርሰው ውሃ ካልጨመረ በመካከሉ የሚጠፋ ውሃ አለ። እንደ ቆጋ ባለ ወደ 7,000 ሄክታር ለማጠጣት በተሠራ ትልቅ መስኖ ላይ የእያንዳንዱን ማሳ ተራ መቁጠር ከባድ ስለሆነ በስፋት ማስከፈል ያስገድዳል። በዚያ ጊዜ ቢያንስ ለራስጌና ለግርጌ የተለያየ ተመን ማውጣት ይቻላል።

የራስጌ ሰዎች የሚያነሱት አንድ ክርክር ደግሞ አለ፦ «ቦዩ የረዘመው ለግርጌው ሲባል ነው፤ ብዙ ሜትር የሚጠገነው ለእነሱ ነውና እነሱ ይጨምሩ።» ይህ ከጥቅም ወደ ወጪ መሻገር ነው። የጥቅም መርህ የሚያየው ሰውየው ያገኘውን ነው፤ ለእሱ ሲባል የወጣውን ማየት ሌላ ስሌት ነው። ሁለቱ ሊለያዩ ይችላሉ፤ እዚህም ተለያይተዋል። ማኅበሩ በየትኛው እንደሚሄድ በግልጽ ይወስን፤ በመሃል እየቀያየረ ግን ለአንዱ በጥቅም፣ ለሌላው በወጪ ማስላት የለበትም።

ባለ ወፍጮው ምንም አለመክፈሉስ? ገበሬው ሽንኩርትና ድንች ሸጦ ከሱቁ ይገዛል፤ በመስኖ የተመረተው በቆሎና ስንዴም ወደ ወፍጮው ይመጣል። ስለዚህ ከቦዩ ይጠቀማል። ነገር ግን ስንት ብር እንደተጠቀመ የሚነግረን የተራ መዝገብ የለም። የጥቅም መርህ የሚያቆመው እዚህ ነው፤ ጥቅሙ ተዘዋዋሪ ሲሆንና ለማንም ተለይቶ ሊከለከል የማይችል ሲሆን ዋጋ ሊወጣለት አይችልም። ከእሱ የሚፈለገው በንግድ ገቢ ግብሩ በኩል ይምጣ እንጂ ለቦዩ በግምት አይጣልበት።

አሁን ስለ ድልድዩ። ድልድዩን ነፍሰ ጡሯ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ፣ ነጋዴውም እህል ሲጭን ይሻገሩበታል። ማን ስንት ጊዜ ተሻገረ ብሎ ቆጥሮ ማስከፈል ወጪው ከድልድዩ ሊበልጥ ይችላል፤ ቢቻል እንኳ ሕፃን ልጇን አዝላ ወደ ጤና ጣቢያ የምትመላለስን እናት በብዛት እንዳትሻገር ማድረግ ይሆናል። ለድሃው ታስቦ የተሠራ ነገርም በተጠቃሚነት ሲከፈል ዓላማውን ያጣል። እዚህ ላይ የሚስማማው የአቅም መርህ ነው።

የአቅም መርህ ዋናው ድካሙ «ያለው ይጨምር» ካለ በኋላ ምን ያህል እንደሚጨምር አለመናገሩ ነው። ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1848 ሁሉም ሰው እኩል መሥዋዕትነት ይክፈል ብሎ ነበር። ከእናቲቱ የሚወሰደው 100 ብር ከባለ ወፍጮው ከሚወሰደው 100 ብር በላይ እንደሚጎዳ ማንም አይክድም፤ በስንት እጅ እንደሚጎዳ ግን የሚለካ ሰው የለም። ስለዚህ ከአቅም መርህ ውስጥ ቢያንስ ሁለት አከፋፈል ይወጣል። በዚያው በአራቱ ቤተሰቦች ላይ 12,000 ብር ለድልድይ ቢጣል፣ ጠቅላላ ገቢያቸው 400,000 ስለሆነ በሁሉም ላይ 3 በመቶ ይደርሳል፦ 1,200፣ 1,800፣ 3,000 እና 6,000 ብር። ይህ ተመጣጣኝ አከፋፈል ነው። ሌላው መንገድ መጀመሪያ ለቤተሰቡ ቀለብ የሚሆነውን ከእያንዳንዱ ላይ ማንሳት ነው። ከየቤቱ 20,000 ብር ነፃ ቢደረግ የሚቀረው 320,000 ይሆናል፤ በእሱ ላይ 3.75 በመቶ ሲጣል 750፣ 1,500፣ 3,000 እና 6,750 ብር ይመጣል። መጠኑ አንድ ሆኖ ሳለ ከጠቅላላ ገቢ ጋር ሲታይ የእናቲቱ ከ2 በመቶ በታች፣ የባለ ወፍጮው ደግሞ 3.4 በመቶ ገደማ ሆነ። እንደ ገቢው ከፍ እያለ የሚሄድ ግብር ለማግኘት ብዙ ደረጃ ማብዛት አያስፈልግም፤ ነፃ ወለሉ ብቻውን ይህንን ይሠራል። ለጎጥ መዋጮ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

በተግባር ግን የማንም ገበሬ ገቢ በደብተር አይገኝም። ከዚህ የተነሳ ኮሚቴዎች ነዋሪውን በደረጃ ይከፍላሉ። 200 ቤት ባለበት ቦታ ለምሳሌ 40 ቤት ነፃ፣ 100 ቤት 300 ብር፣ 50 ቤት 800 ብር፣ 10 ቤት 2,000 ብር ቢመደብ 90,000 ብር ይሰበሰባል። የዚህ አሠራር ችግር በደረጃዎቹ ድንበር ላይ ነው። አንድ በሬ ስለጨመረ ብቻ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ደረጃ የወጣ ሰው ባንድ ጊዜ 500 ብር ይጨመርበታል። ከዚያ በኋላ በሬው «የአማቴ ነው» ይባላል፤ ይህንንም መረዳት ይቻላል። የደመወዝ ግብር ይህንን ችግር የሚፈታበት ዘዴ ሊታይ የሚገባው ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕግ መሠረት በወር እስከ 2,000 ብር ነፃ ነው፤ ከዚያ እስከ 4,000 ባለው ላይ 15 በመቶ፣ ከ4,000 እስከ 7,000 ባለው ላይ 20 በመቶ እያለ እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። 4,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ 300 ብር ይከፍላል። 4,100 የሚያገኘው ደግሞ 320 ነው የሚከፍለው፤ ከፍ ያለው መጠን የሚነካው ከድንበሩ በላይ ያለውን 100 ብር ብቻ ነውና። በጎጥ መዋጮ ላይም ይህንኑ በነጥብ ማድረግ ይቻላል። የሚያርሰው ቃዳ (የተከራየውንና የእኩሉን ጨምሮ)፣ በሬ፣ ለሽያጭ የደረሰ ባሕር ዛፍ፣ ወፍጮ ወይም ተሽከርካሪ እያንዳንዳቸው ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ በቤቱ ላለ ለእያንዳንዱ ቀለብተኛ ነጥብ ይቀነሳል፤ የተረፈው ነጥብ በአንድ ተመን ይባዛል። ያኔ አንድ በሬ የሚጨምረው የአንድ በሬ ያህል ብቻ ነው፤ መደበቁም ብዙ አያተርፍም።

በነጥቡ ላይ ሁለት ነገሮች ይጠንቀቁ። ባሕር ዛፍ በየዓመቱ ገቢ አይሰጥም፤ በተቆረጠበት ዓመት ሙሉውን ማስቆጠር ሰውየውን ባልተለመደ ዓመቱ መያዝ ነው፤ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ተካፍሎ ይቆጠር። መሬት በስም መቁጠርም መሬቱን ለእኩል የሰጠችውን ሴት ሀብታም፣ አምስት ሰው መሬት ተከራይቶ የሚያርሰውን ደግሞ ድሃ ያደርጋል። አቅምን የሚያሳየው አራሽነቱ ነው።

የመሬት ግብሩን በተመለከተ የጠየቁት ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 97 ለክልሎች ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሰጥቷል። አንዱ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ መወሰንና መሰብሰብ ነው፤ ይህ የጥቅም መርህ ነው፤ ለያዙት መሬት የሚከፈል ነው። ሌላው በግል በሚያርሱና በኅብረት ሥራ ማኅበር በተደራጁ ገበሬዎች ገቢ ላይ ግብር መጣል ነው፤ ይህ የአቅም መርህ ነው። ገበሬው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው አንድ ደረሰኝ ነው፤ ሁለቱም በይዞታ ስፋት ስለሚሰሉ ልዩነታቸው ይጠፋል። ለመጠቀሚያው ክፍያ ሄክታር ጥሩ መለኪያ ነው። ለገቢው ግብር ግን ደካማ ነው፤ አፈሩ ቀይ ይሁን ጥቁር፣ ማሳው ዳጉሳ ያብቅል ወይ ሽንኩርት፣ ዝናቡ ይያዝ ወይ ይለቅ ሄክታሩ አይናገርም። አንቀጽ 100 ደግሞ የግብር መጠን ግብሩ ከሚያስገኘው አገልግሎት ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን ያዛል፤ ማለትም የጥቅም መርህ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ በቀጥታ ተጽፏል። ቀበሌዎ ላይ መንገድ፣ ጤና ኬላ፣ የእርሻ ባለሙያ የት እንደደረሰ ለመጠየቅ መነሻ የሚሆንዎት እሱ ነው።

«ታዲያ መንግሥት ለምን እያንዳንዱን ገበሬ ገቢ መርምሮ አያስከፍልም?» ለሚል ጎጃም የራሱ መልስ አለው። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ አሥራትን አስቀርቶ ገበሬውን እንደ ገቢው መጠን ለማስከፈል የታሰበ ነበር። በወረቀት ላይ ካየነው ከቀድሞው ይልቅ ለአቅም መርህ የቀረበ ነበር። ገቢን ለማወቅ ግን ገማች ወደ ማሳ መግባት አለበት። የጎጃም ገበሬ ደግሞ መሬት መገመትና መለካት ርስትን ወደ ማጣት የሚወስድ መንገድ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ከገማቾቹ ታማኝነትም ጋር ችግር ነበረበት። ከሞጣና ከቢቸና እስከ ዳሞት አመፅ ተነሳ፤ ጦር ተላከ፤ በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ከቦታው ተነሳ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ውዝፍ ግብር ማሩ። የአቅም መርህ ሁልጊዜ የሚሸከመው ዕዳ ይህ ነው፦ አቅምን ለማወቅ የሰውን ቤት ማየት ያስፈልጋል፤ የሚያየው ሰው ካልታመነ ትክክለኛው መርህ ሳይቀር እንደ ዝርፊያ ይታያል። ለዚህ ነው ለድልድዩ ነጥብ የሚሰጠው ኮሚቴ ከጎጡ ነዋሪ የተመረጠ እንዲሆን፣ የእያንዳንዱ ቤት ነጥብም በስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ የምመክረው። ጎረቤት የጎረቤቱን በሬ ያውቃል፤ በውጭ ገማች የማይገኝ መረጃ ነው።

የጉልበት መዋጮም ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ ያልፋል። «ገንዘቡ እንደየአቅሙ፣ ጉልበቱ ግን ከየቤቱ አምስት ቀን» ሲባል እኩል ይመስላል። ጎልማሳ ልጅ ላለው ቤት አምስት ቀን ሥራ ከማይበዛበት ወቅት ላይ ከዋለ ብዙ አይጎዳም። ለእናቲቱ ግን ሰው ቀጥሮ መላክ ነው፤ በቀን 300 ብር ቢከፈል 1,500 ብር ሆነ፤ በነፃ ወለሉ ከቆረጥንላቸው 750 ብር በእጥፍ ይበልጣል። በገንዘብ የታዘነላቸውን በጉልበት መልሶ መውሰድ ይህ ነው። ጉልበትም በብር ተተምኖ በዚያው የነጥብ ስሌት ውስጥ ይግባ፤ በጉልበት መክፈል የፈለገ በተተመነው ዋጋ ከገንዘቡ ይቀነስለት። ወቅቱም ከአጨዳና ከውቂያ ውጭ ይሁን፤ በአጨዳ ወቅት የአንድ ቀን ዋጋ ከሌላ ጊዜው ይልቃል።

ሁለቱንም መዋጮ ለስብሰባ ሲያቀርቡ ወጪውንና አከፋፈሉን አንድ ላይ ያቅርቡ። ስዊድናዊው ኢኮኖሚስት ክኑት ቪክሴል እ.ኤ.አ. በ1896 የጥቅም መርህን ያጠናከረው በዚህ ሐሳብ ነው፦ ሰው አንድ ወጪ ይጠቅመው እንደሆነ በትክክል የሚናገረው የራሱን ድርሻ አውቆ ሲመርጥ ብቻ ነው። «ድልድይ ይሠራ ወይ?» ብቻ ብለው ቢጠይቁ ሁሉም እጁን ያወጣል፤ ድርሻው ከተነገረው በኋላ የሚያወጣው እጅ ነው የሚቆጠረው። እሱ ራሱ ግን አንድ ገደብ አስቀምጧል፦ የጥቅም መርህ ፍትሕ የሚሆነው ከመነሻው የሀብት ክፍፍሉ ትክክል ከሆነ ነው። በቦዩ ላይ ይህ የሚመጣው በራስጌና በግርጌ ነው። የራስጌውን መሬት ቀድሞ የያዘ ሰው «ለተጠቀምኩት ከፍያለሁ» ማለት ይችላል፤ ግርጌው ግን ውሃ ስላልደረሰው ነው ጥቂት የከፈለው። ስለዚህ ለቦዩ ከሚሰበሰበው ገንዘብ የመጀመሪያው ሥራ ግርጌው 8 ተራ እንዲያገኝ ደለሉን ከላይ ጀምሮ ማስጠረግ ይሁን። 8ቱ ተራ ለሁሉም ከደረሰ በዚያው ስሌት የቃዳ ተራው ድምር 64 ይሆናል፤ ወጪው 12,000 ብር ሆኖ ከቀጠለ የአንድ ቃዳ ተራ ዋጋ ከ250 ወደ 187 ብር ከ50 ይወርዳል፤ አዛውንቱ 4,500 ብር ይከፍላሉ። ይህን ቁጥር ለራስጌ ሰዎች አስቀድመው ያሳዩአቸው።